ብዙ ፕሮጀክቶችን በአንድ ገጽ ማወዳደር፦ የቀይ፣ የቢጫና የአረንጓዴ መስፈርት አወጣጥና አጠቃቀም

በርካታ ፕሮጀክቶችን የሚመራ ድርጅት በየወሩ መጨረሻ የሚደርሱት ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ አይወዳደሩም። አንዱ አስተባባሪ አካላዊ አፈጻጸሙ 48 በመቶ መድረሱን ይጽፋል፤ ሌላው የተከፈለውን ገንዘብ በመቶኛ ያቀርባል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ሥራው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ይዘጋዋል። እነዚህን በአንድ ሰንጠረዥ ደርድሮ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ መቀባት ብቻውን ለውጥ አያመጣም፤ ምክንያቱም ቀለሙን የሚመርጠው አስተባባሪው ራሱ ከሆነ ገጹ የሚያሳየው የፕሮጀክቶቹን ጤንነት ሳይሆን የአስተባባሪዎቹን ጠባይ ነው። ጥንቁቁ ቶሎ ቢጫ ይላል፤ ደፋሩ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ አረንጓዴ ላይ ይቆያል።

በዚህ መመሪያ አምስት ፕሮጀክቶች ያሉት አንድ የልማት ድርጅት በምሳሌነት ወስደን ገጹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሠራለን። ፕሮጀክቶቹ የከተማ ውሃ አቅርቦት፣ ጤና ጣቢያ፣ የገጠር መንገድ፣ መጋዘንና የሂሳብ ሶፍትዌር ዝርጋታ ናቸው። ድርጅቱም አኃዞቹም ለምሳሌ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ መረጃው የሚያሳየው እስከ ታህሳስ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለውን ሁኔታ ነው።

አንደኛ፦ እያንዳንዱ ቀለም የማንን ውሳኔ እንደሚጠይቅ ይወሰን

ከቁጥር በፊት የሚቀድመው ይህ ነው። አረንጓዴ ማለት አስተባባሪው ማንንም ሳያስቸግር ሥራውን ይቀጥላል ማለት ይሁን። ቢጫ ማለት ችግር አለ፣ ነገር ግን አስተባባሪው በእጁ ባለው ሥልጣንና ገንዘብ ሊያስተካክለው ይችላል፤ የማስተካከያ ዕቅዱን በጽሑፍ ያቀርባል ማለት ይሁን። ቀይ ማለት ደግሞ ጉዳዩ ከአስተባባሪው አቅም በላይ ስለሆነ ከበላይ አመራር ውሳኔ ካልመጣ በስተቀር አይፈታም ማለት ይሁን።

ይህ ትርጉም ከተያዘ ወሰኖቹን ማውጣት ቀላል ይሆናል። በምሳሌያችን የእያንዳንዱ ፕሮጀክት በጀት 10 በመቶ መጠባበቂያ አለው እንበል። የመጨረሻው ወጪ መጠባበቂያ ሳይጨምር ከጸደቀው በጀት ከ10 በመቶ በላይ ይበልጣል ተብሎ ከተገመተ አስተባባሪው ተጨማሪ ገንዘብ መጠየቁ ስለማይቀር ቀይ ነው። እስከ 5 በመቶ፣ ማለትም እስከ መጠባበቂያው ግማሽ ከሆነ አረንጓዴ፣ በመካከሉ ከሆነ ቢጫ ይሆናል። መጠባበቂያው 5 በመቶ ብቻ የሆነ ድርጅት እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ቢገለብጥ ይሳሳታል፤ የሚገለብጠው አሠራሩን እንጂ ቁጥሩን መሆን የለበትም።

ለጊዜም እንዲሁ ነው። ድርጅቱ አስተባባሪዎች ተጨማሪ ፈረቃ በማስገባትና የሥራ ቅደም ተከተል በመቀየር ሊያካክሱት የሚችሉት መዘግየት ከውል ዘመኑ 15 በመቶ እንደማይበልጥ ከልምድ ካወቀ፣ ከዚያ በላይ ያለው የጊዜ ማራዘሚያ ወይም የተቋራጭ ለውጥ ውሳኔ ስለሚፈልግ ቀይ ይሆናል። እስከ 5 በመቶ ያለው አረንጓዴ፣ ቀሪው ቢጫ ነው። መዘግየቱ በቀን ሳይሆን ከውል ዘመኑ በመቶኛ የሚለካው የ10 ወር መጋዘንና የ20 ወር የውሃ ሥራ እንዲወዳደሩ ነው።

ሁለተኛ፦ መለኪያዎቹ ሦስት ብቻ ይሁኑ

ጊዜና ወጪ ከላይ ተጠቅሰዋል። ሦስተኛው «ውሳኔ የሚጠብቅ እንቅፋት» ነው፤ ይኸውም ሊፈታ የሚገባበት ቀን አልፎ ያልተፈታና ቀጣዩን ሥራ የሚያስቆም ጉዳይ ነው። ያልተጠናቀቀ ወሰን ማስከበር፣ ያልተከፈለ ካሳ፣ ያልተከፈተ ኤልሲ፣ ያልጸደቀ ዲዛይን የዚህ ምድብ ናቸው። የሚለካው ባለፈው ቀን ብዛት ነው፦ ያለፈ ጉዳይ ከሌለ አረንጓዴ፣ እስከ 30 ቀን ካለፈ ቢጫ፣ ከ30 ቀን በላይ ከሆነ ቀይ።

ይህ ሦስተኛ መለኪያ ከሁለቱ የሚለየው ወደፊት የሚያይ በመሆኑ ነው። ጊዜና ወጪ የሚያሳዩት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ሲሆን ያልተፈታ እንቅፋት ግን ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ይታያል። ብዙ ድርጅቶች ጥራትን፣ የባለድርሻ አካላትን እርካታ፣ የሰው ኃይልንና ሌሎችንም ጨምረው ስምንትና ዘጠኝ አምድ ያዘጋጃሉ። በእኔ እምነት ሊቆጠር የማይችል መለኪያ ገጹ ላይ ሲገባ አስተያየት ወደ ቀለም የሚመለስበትን በር ይከፍታል፤ ስለዚህ እነዚያ በትረካ ሪፖርቱ ውስጥ ቢቀመጡ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ የጊዜ መዘግየት በአንድ ዓይነት ስሌት ይሰላ

በመጀመሪያ ሁሉም ፕሮጀክቶች እስከ አንድ ቀን ያለውን መረጃ ያቅርቡ። የአንዱ እስከ ታህሳስ 15፣ የሌላው እስከ ጥር 5 ከሆነ ንጽጽሩ ከመነሻው ተበላሽቷል።

የተለመደው ስሌት የተሠራውን በመቶኛ ለታቀደው በመቶኛ ማካፈል ነው። ይህ በሥራው መካከል ጥሩ ምልክት ቢሰጥም ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ያታልላል። መጋዘኑን እንመልከት። ውሉ የ10 ወር ሲሆን አሁን 12ኛው ወር ተጠናቋል፤ ሥራው 98 በመቶ ደርሷል። የታቀደው 100 ስለሆነ ውጤቱ 0.98 ይመጣል፤ አረንጓዴ ይመስላል። ነገር ግን መጋዘኑ የመረከቢያ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ማንኛውም ሥራ ምንም ያህል ቢዘገይ ሲያልቅ ይህ ስሌት 1 ይሰጣል።

ስለዚህ የሚከተለውን መንገድ እንጠቀማለን። የጸደቀውን የሥራ መርሐ ግብር ይውሰዱና በየወሩ መጨረሻ ሊደረስበት የታሰበውን ድምር በመቶኛ ያስቀምጡ። ከዚያም አሁን የተደረሰበት በመቶኛ በዕቅዱ መሠረት መቼ ሊደረስበት ይገባ እንደነበር ይፈልጉ። የውሃ ፕሮጀክቱ ጥር 1 ቀን 2016 ተጀምሮ በ20 ወር፣ ማለትም ነሐሴ 2017 መጨረሻ ላይ እንዲያልቅ የተዋዋለ ነው (ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር እንቆጥራለን)። ታህሳስ 30 ቀን 2017 አሥራ ሁለት ወር ሞልቶታል። አካላዊ አፈጻጸሙ 48 በመቶ ነው። በዕቅዱ ላይ በዘጠነኛው ወር መጨረሻ፣ ማለትም መስከረም ላይ፣ 45 በመቶ፣ በአሥረኛው ወር መጨረሻ 51 በመቶ ተቀምጧል። 48 የሁለቱ አጋማሽ ስለሆነ ሥራው የሚገኘው 9.5 ወር ላይ ነው። በሌላ አነጋገር ታህሳስ መጨረሻ ላይ የተደረሰበት ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሊደረስበት ከሚገባው ቦታ ነው።

9.5 ለ12 ሲካፈል 0.79 ይሆናል። ሥራው በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ የ20 ወሩ ውል 25.3 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ማጠናቀቂያውም ወደ የካቲት 2018 መጀመሪያ ይሸሻል። መዘግየቱ 5.3 ወር ወይም ከውል ዘመኑ 26 በመቶ ስለሆነ ቀይ ነው። መጋዘኑም በዚሁ ስሌት ሲታይ 98 በመቶ በዕቅዱ ላይ 9.6 ወር ላይ ይገኝ ስለነበር 9.6 ለ12 ሲካፈል 0.8፣ የተገመተው ጠቅላላ ጊዜ 12.5 ወር፣ መዘግየቱ 25 በመቶ ይሆናል።

ይህ ስሌት የሚሠራው የመጀመሪያው ዕቅድ እውነተኛ ከሆነ ብቻ ነው። በተለይ የቁፋሮና የአፈር ሥራ ያለበት ፕሮጀክት በሐምሌና በነሐሴ እንደ ጥርና የካቲት እኩል ይሠራል ተብሎ ከታቀደ፣ መስከረም ሲጠባ ገጹ ሁሉ ቀይ ይሆናል፤ ያ ቀይ የሚነግረን ስለ ተቋራጩ ሳይሆን ስለ ዕቅድ አውጪው ነው። የክረምቱ ወራት በዕቅዱ ላይ ዝቅተኛ ጭማሪ ብቻ እንዲኖራቸው አስቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል። ግምቱም በቀጥታ ማካፈል ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ቀሪው ሥራ ክረምት ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ውጤቱ ከእውነታው ያነሰ መዘግየት ሊያሳይ ይችላል። አስተባባሪው ከስሌቱ የዘገየ ቀን ካመነ የእሱ ይያዝ፤ ከስሌቱ የቀደመ ቀን ካቀረበ ግን ስሌቱ ይያዝ።

ለሶፍትዌሩ «70 በመቶ ተጠናቋል» የሚል ቃል አይበቃም። ሥራውን ተቀባይነት በሚያገኙ ክፍሎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክብደት መስጠት፣ ክፍሉ ተፈትሾ እስኪፈረምበት ድረስ ዜሮ፣ ከተፈረመበት በኋላ ሙሉ ክብደቱን መቁጠር ነው።

አራተኛ፦ ወጪ ሲባል የተከፈለው ገንዘብ አይደለም

በአገራችን የፕሮጀክት ሪፖርት ውስጥ ከሁሉ በላይ ስህተት የሚፈጥረው «የፋይናንስ አፈጻጸም» የሚባለው ቁጥር ነው። የተከፈለው ገንዘብ ከተሠራው ሥራ በሁለት አቅጣጫ ይለያያል፦ ቅድመ ክፍያ ከፍ ያደርገዋል፤ ተሠርቶ ያልተከፈለ ሥራ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል።

ጤና ጣቢያውን በቅርብ እንየው። በጀቱ 40 ሚሊዮን ብር ሲሆን አካላዊ አፈጻጸሙ 55 በመቶ ደርሷል። ተቋራጩ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ብር ወስዷል። እስካሁን በክፍያ ሰርተፍኬት የጸደቀለት ሥራ 18 ሚሊዮን ብር ሲሆን ከየሰርተፍኬቱ 30 በመቶ ለቅድመ ክፍያው ተመላሽ ስለሚቀነስ በእጁ የገባው 12.6 ሚሊዮን ነው። (የጥራት መያዣውን ለስሌቱ ቀላልነት ትተነዋል።) የሂሳብ ክፍሉ ስለዚህ «የወጣ ገንዘብ 24.6 ሚሊዮን» ብሎ ይመዘግባል። ቀሪው ሥራ በውሉ ዋጋ 18 ሚሊዮን ስለሆነ አንድ ሰው ሁለቱን ደምሮ 42.6 ሚሊዮን ያገኛል፤ ከበጀቱ 6.5 በመቶ በላይ ስለሆነ ጤና ጣቢያው ቢጫ ይሆናል።

ትክክለኛው ስሌት ግን የተሠራውን ሥራ ዋጋ ይወስዳል። የጸደቀው 18 ሚሊዮን፣ ተሠርቶ ገና ሰርተፍኬት ያልተዘጋጀለት 3.5 ሚሊዮን፣ በድምሩ 21.5 ሚሊዮን ነው። ቀሪው 18 ሚሊዮን ሲጨመር የመጨረሻው ወጪ 39.5 ሚሊዮን ይሆናል። ከበጀቱ በ1 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ አረንጓዴ ነው። በተቃራኒው ቅድመ ክፍያ ያልወሰደና ክፍያው ሦስት ወር የዘገየበት ተቋራጭ ቢሆን ኖሮ የሂሳብ ክፍሉ ቁጥር ገንዘብ የተቆጠበ ያስመስል ነበር።

ቀሪው ሥራ የሚገመተው በጸደቀበት ዋጋ ሳይሆን ዛሬ በሚያስወጣው ዋጋ ነው። የጸደቁ ብቻ ሳይሆኑ ቀርበው ገና ያልጸደቁ የሥራ ለውጥ ትዕዛዞችና የዋጋ ማስተካከያ ጥያቄዎችም ይደመራሉ። የውሃ ፕሮጀክቱ በጀት 120 ሚሊዮን ብር ሲሆን ከውጭ የሚመጣው ፓምፕ 100 ሺህ ዶላር ነው፤ በጀቱ ሲዘጋጅ አንድ ዶላር በ57 ብር ታስቦ 5.7 ሚሊዮን ብር ተይዞለታል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ለስሌት እንዲመች አንድ ዶላር 120 ብር ብለን ብንይዝ ፓምፑ 12 ሚሊዮን ብር ይፈጃል። ልዩነቱ 6.3 ሚሊዮን፣ ከበጀቱ 5.25 በመቶ ነው። ሌላው ሁሉ በበጀቱ ልክ ቢሄድ እንኳ ፕሮጀክቱ በወጪ ረገድ ቢጫ ሆኗል፤ ለፓምፑ ግን ገና አንድ ብር አልተከፈለም። በተከፈለው ገንዘብ ብቻ የሚመራ ገጽ ይህን የሚያየው ኤልሲው ከተከፈተ በኋላ ነው።

ከበጀቱ በጣም ዝቅ ያለ ግምትም ዝም ተብሎ በአረንጓዴ አይለፍ። አንድ ፕሮጀክት ከበጀቱ በ30 በመቶ ባነሰ ወጪ እንደሚያልቅ ከተገመተ ወይ በጀቱ ያለ ልክ ተይዟል፣ ወይ አንድ የሥራ ክፍል ተረስቷል።

አምስተኛ፦ ሰንጠረዡን በኤክሴል መሥራት

ሁለት ገጾችን ያዘጋጁ። `Limits` በሚል በተሰየመው ገጽ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ረድፍ ላይ የጊዜ፣ የወጪና የእንቅፋት ወሰኖችን ያስቀምጡ፤ `B` አምድ የአረንጓዴ፣ `C` አምድ የቢጫ የላይኛው ወሰን ይሁን፦ 5% እና 15%፣ 5% እና 10%፣ 0 እና 30። ወሰኖቹ በቀመሩ ውስጥ ካልተጻፉ ማንም ሰው በአንድ ፕሮጀክት ረድፍ ላይ ብቻ ሊቀይራቸው አይችልም።

በዋናው ገጽ `A` የፕሮጀክቱ ስም፣ `B` የጊዜ መዘግየት፣ `C` የወጪ ብልጫ፣ `D` ያለፈ ቀን ይሁኑ። `E2` ላይ የሚከተለው ይጻፍ፦

```
=IF(NOT(ISNUMBER(B2)),"ግ",IF(B2<=Limits!$B$2,"አ",IF(B2<=Limits!$C$2,"ቢ","ቀ")))
```

ለ`F2` እና ለ`G2` ቀመሩ ይኸው ሆኖ `C2`ን ከሦስተኛው፣ `D2`ን ከአራተኛው የወሰን ረድፍ ጋር ያያይዙ። የመጀመሪያው ክፍል፣ ቁጥር ከሌለ «ግ» ወይም ግራጫ የሚለው፣ መዘለል የለበትም። ኤክሴል ባዶ ሳጥንን እንደ ዜሮ ስለሚያየው ያለዚህ ክፍል ሪፖርት ያልላከ ፕሮጀክት አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። በጽሑፍ መልክ የገባ ቁጥር ደግሞ ከማንኛውም ቁጥር እንደሚበልጥ ስለሚቆጠር ያለ ምክንያት ቀይ ይሆናል። አንድ ፕሮጀክት ሳይጠበቅ ቀለም ሲቀይር በመጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው።

አጠቃላዩ ቀለም `H2` ላይ እንዲህ ይሰላል፦

```
=IF(COUNTIF(E2:G2,"ቀ")>0,"ቀ",IF(COUNTIF(E2:G2,"ግ")>0,"ግ",IF(COUNTIF(E2:G2,"ቢ")>0,"ቢ","አ")))
```

ቀመሩ ከሦስቱ የከፋውን ይወስዳል እንጂ አማካይ አያወጣም። አማካይ ቢወሰድ ወሰን ማስከበሩ የቆመበት መንገድ በጊዜና በወጪ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ቢጫ ይሆን ነበር፤ የገጹ ዓላማ ደግሞ በትክክል ያንን ቀይ ማሳየት ነው።

ቀለሙን ለመስጠት ከ`E` እስከ `H` ያሉትን ሳጥኖች መርጠው `Home`፣ ቀጥሎ `Conditional Formatting`፣ `Highlight Cells Rules`፣ `Equal To` በሚለው በኩል ለየፊደሉ ቀለሙን ይስጡ። ፊደሉ ከቀለሙ ጋር አብሮ ይቆይ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚያስቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ በየስብሰባው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ገጹም በጥቁርና ነጭ ማተሚያ ከታተመ ያለ ፊደል ዋጋ የለውም።

ውጤቱ በምሳሌያችን ይህን ይመስላል፦

| ፕሮጀክት | የጊዜ መዘግየት | የወጪ ብልጫ | ያለፈ ቀን | አጠቃላይ |
|---|---|---|---|---|
| ውሃ አቅርቦት | 26% ቀ | 5.25% ቢ | 0 አ | ቀ |
| ጤና ጣቢያ | 4% አ | −1% አ | 0 አ | አ |
| የገጠር መንገድ | 3% አ | 4% አ | 45 ቀ | ቀ |
| መጋዘን | 25% ቀ | 3% አ | 0 አ | ቀ |
| ሶፍትዌር | ግ | 0% አ | 12 ቢ | ግ |

ስድስተኛ፦ ወሰኖቹን በአለፈው መረጃ ፈትሹ

ገጹ በአመራሩ ፊት ከመቅረቡ በፊት ወሰኖቹን ባለፉት ሁለትና ሦስት ሩብ ዓመታት መረጃ ላይ ማስኬድ ያስፈልጋል። የሚፈለገው ጥያቄ አንድ ነው፦ በኋላ ችግር ውስጥ መግባታቸው የታወቀው ፕሮጀክቶች ችግሩ ከመታወቁ ስንት ወር በፊት ቀይ ይሆኑ ነበር? ችግሩ በታወቀበት ወር ብቻ ቀይ ከሆኑ ወሰኑ ልል ነው። ሁሉም ፕሮጀክቶች ሁልጊዜ ቀይ ከሆኑ ደግሞ ወይ ወሰኑ ጠባብ ነው፣ ወይ የድርጅቱ ዕቅዶች ከእውነታው የራቁ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ሳይጣራ ወሰኑን ማላላት ትልቁ ስህተት ነው። አንዴ ከጸደቀ በኋላ ወሰኑ በበጀት ዓመቱ መካከል አይቀየርም፤ የሚቀየረው ሐምሌ ላይ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው።

ቀለም በየወሩ የሚገለባበጥ ከሆነ ደግሞ ወደ ተሻለ ቀለም ለመመለስ ሁለት ተከታታይ ወር ወሰኑን ማሟላት እንደሚያስፈልግ መደንገግ ይቻላል። ወደ ከፋ ቀለም መውረድ ግን ወዲያውኑ ይሁን።

ሰባተኛ፦ ቀለም የሚታጠብባቸውን መንገዶች ዝጉ

የመጀመሪያው መንገድ የቀለም ለውጥ ጥያቄ ነው። አስተባባሪው «ቁጥሩ ቀይ ቢልም ሁኔታውን እኔ አውቀዋለሁ» ሲል አንዳንዴ እውነቱን ነው። ደንቡ እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦ አስተባባሪው ስሌቱ ከሰጠው ወደ ከፋ ቀለም መቀየር ይችላል፤ ወደ ተሻለ መቀየር የሚችለው ግን የፕሮጀክቶቹ ሁሉ ኃላፊ ብቻ ሲሆን ምክንያቱ በገጹ ላይ ተጽፎ ለአንድ ወር ብቻ ይጸናል። ስሌቱ የሰጠው ቀለምም ከጎኑ ይታያል።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ሥውር ነው። የውሃ ተቋራጩ የአራት ወር የጊዜ ማራዘሚያ ጠይቆ ቢፈቀድለት ውሉ 24 ወር ይሆናል። የሚጠበቀው ማጠናቀቂያ አሁንም 25.3 ወር ላይ ቢሆንም መዘግየቱ ከአዲሱ ውል ጋር ሲነጻጸር 1.3 ወር፣ ማለትም 5 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ትናንት በ26 በመቶ ቀይ የነበረው ፕሮጀክት ዛሬ በጭንቅ ቢጫ ሆነ፤ መሬት ላይ ግን አንድ ሜትር ቱቦ አልተቀበረም። ማራዘሚያው ሕጋዊ ስለሆነ ቀለሙ በአዲሱ ውል ቢሰላ አግባብ ነው። ነገር ግን ከመጀመሪያው ውል ጋር ሲነጻጸር ያለው መዘግየትና ማራዘሚያው የተፈቀደበት ብዛት በአንድ ተጨማሪ አምድ ላይ ሁልጊዜ መታየት አለባቸው። ያለበለዚያ ብዙ ማራዘሚያ የወሰደው ፕሮጀክት በጊዜው ከሚያልቀው ጋር እኩል አረንጓዴ ሆኖ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ግራጫው ነው። ቀይ ከመሆን ሪፖርት አለመላክ የሚሻል ከሆነ ሰዎች አይልኩም። በዚህ ምክንያት ለሁለተኛ ወር ግራጫ የሆነ መለኪያ ወደ ቀይ እንዲዞር መደረግ አለበት።

ስምንተኛ፦ ገጹን በስብሰባ ላይ ማንበብ

በምሳሌያችን ሦስት ቀይ ስላሉ «የትኛው ይቅደም?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። የተለመደው መልስ ትልቁ በጀት ያለው ይቅደም የሚል ነው፤ በዚህ አልስማማም። መቅደም ያለበት ውሳኔው ሲዘገይ ጉዳቱ በፍጥነት የሚጨምርበት ነው። ለዚህም በገጹ ላይ ሦስት አምዶች ይጨመሩ፦ የሚፈለገው ውሳኔ፣ ውሳኔ ሰጪው፣ ውሳኔው የሚያስፈልግበት የመጨረሻ ቀን።

መጋዘኑ ቀይ ቢሆንም ቀሪው ሥራ 2 በመቶ ብቻ ነው። አመራሩ ዛሬ ምንም ቢወስን የማጠናቀቂያው ቀን ብዙ አይለወጥም፤ የሚቀረው የመዘግየት ቅጣቱን አስልቶ ቅድመ ርክክቡን ማካሄድ ስለሆነ በመጨረሻ ይታይ። የውሃ ፕሮጀክቱ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የፓምፑን ኤልሲ አስቀድሞ ማስከፈትና ተቋራጩ ተጨማሪ የቱቦ ዝርጋታ ቡድን እንዲያስገባ ማስገደድ። ስምንት ወር የውል ዘመን ቢቀረውም የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ክረምት ላይ ስለሚውሉ ለቁፋሮ የሚመቹት ስድስት ብቻ ናቸው።

የገጠር መንገዱ ግን በጊዜም በወጪም አረንጓዴ ሆኖ በአንድ ቁጥር ብቻ ቀይ የሆነ ነው፤ ከሌሎቹ ሁሉ መቅደም ያለበትም እሱ ነው። ማሽኖቹ ወሰን ያልተከበረበት ቦታ ላይ የሚደርሱት ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቋራጩ የሥራ ፈት ማሽን ካሳ መጠየቅ ይጀምራል፤ የጊዜውም የወጪውም አምድ ተከታትለው ቀለም ይቀይራሉ። ስለዚህ በገጹ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ የሚፈለገው ውሳኔ፣ ለቀሪ ባለይዞታዎች የካሳ ክፍያ መልቀቅ፤ ውሳኔ ሰጪ፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤ የመጨረሻ ቀን፣ ጥር 15። በሚቀጥለው ወር ገጹ ሲዘጋጅ ይህ ቀን ካለፈ ያለፈው ቀን ቆጠራ በዋና ሥራ አስኪያጁ ስም ይቀጥላል።